ዳታቤዙን ማን ይጠብቀው? ራሳችን ወይስ አከራዩ?

ሰኞ ጠዋት ነው። የቡለቲናችንን የድሮ ጽሑፎች የምናስቀምጥበት ገጽ አልከፈት አለ። ያን ሰሞን ዳታቤዙን የምከታተለው እኔ ነበርኩ። «የምከታተለው» ይባል እንጂ ሥራዬ እንኳን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጽሑፎቹ እንዳይጠፉ ማድረግ። ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ የዳታቤዙን የስህተት መዝገብ ሳነብ `No space left on device` የሚል አገኘሁ። ዲስኩ ሞልቷል ማለት ነው። ከጽሑፎቹ ጎን ያስቀመጥናቸው ፎቶዎች ቅዳሜ ማታ የቀረችውን ቦታ ጨርሰዋት፣ ዳታቤዙም መጻፊያ አጥቶ ቆሟል።

«ችግር የለም፣ ባካፕ አለ» ብዬ የባካፑን ፎልደር ከፈትኩ። ፋይሉ አለ። መጠኑ ግን 0 ነው። ባዶ!

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያች ዜሮ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ ክፍላችን ውስጥ «ዳታቤዙን እንደ አሁኑ ራሳችን ቨርቹዋል ማሽን ላይ ጭነን እንቀጥል ወይስ የሚተዳደር አገልግሎት እንከራይ?» የሚል ክርክር ተነስቷል። ለክርክሩ ይረዳ ዘንድ የገባኝን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ተከፍሎ የተሰጠን፣ እንደ ራሱ የቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ ክፍል ነው። እዚያ ላይ ፖስትግሬስ የተባለውን ነፃ ዳታቤዝ መጫን ቀላል ነው፤ በኡቡንቱ ላይ አንዲት ትእዛዝ ትበቃለች። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም ነገር የእኛ ነው፤ ማደሱም፣ ዲስኩን መከታተሉም፣ ባካፑም፣ ሌሊት ሲወድቅ መነሳቱም። የሚተዳደር አገልግሎት ሲሆን ደግሞ ዳታቤዙን ከነጠባቂው እንከራያለን። ለምሳሌ አማዞን በ2009 እ.ኤ.አ. የጀመረው አርዲኤስ የሚባል አገልግሎት አለ። ተከራዩ አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ይሰጠዋል፤ ከሥር ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ግን አይገባም። ቤት ተከራይቶ የጣሪያውን ጥገና ለአከራዩ እንደመተው ነው። ጣሪያው አያሳስብም፣ ግድግዳ ማፍረስም አይቻልም።

ወደ ባዶዋ ፋይል ልመለስ። ባካፑን በየሌሊቱ እንዲያወጣ የጻፍኳት ትእዛዝ ይህች ነበረች፦

```
0 2 * * * pg_dump -Fc mahder > /backup/mahder.dump
```

ትርጉሟ «በየቀኑ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ mahder የተባለውን ዳታቤዝ ቅጂ አውጥተህ በዚህ ፋይል አስቀምጥ» ነው። ስታዩዋት ጤነኛ ትመስላለች። ለወራትም ሠርታለች። ጉዱ ያለው `>` የምትለው ምልክት ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ምልክት ሲያይ መጀመሪያ የድሮውን ፋይል ባዶ ያደርጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቅጂ አውጪውን ፕሮግራም የሚያስነሳው። እሁድ ሌሊት ፕሮግራሙ ሲነሳ ዳታቤዙ ቆሞ ስለነበር የሚቀዳ ነገር አላገኘም። የድሮው ቅጂ ግን ቀድሞ ተሰርዟል። ባካፑ የሚጠፋው በጣም በምንፈልገው ቀን ነው ማለት ነው። የስህተት መልእክትም ተልኮ ነበር እኮ! ሰርቨሩ ውስጥ ባለ፣ ማንም ከፍቶ በማያውቀው የፖስታ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

እግዚአብሔር ይመስገን ፎቶዎቹን ሳነሳ ዳታቤዙ ራሱ ተመልሶ ተነሳ፤ አንድም ጽሑፍ አልጠፋም። በዚያ ሌሊት ዲስኩ ተበላሽቶ ቢሆን ግን የስንት ዓመት ልፋት አብሮ ሄዶ ነበር። ባካፑንም ያስቀመጥኩት እዚያው ዲስክ ላይ ነበርና።

«አንተ ጀማሪ ስለሆንክ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ታዲያ የጊትላብን ታሪክ ስሙ። ጊትላብ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት የታወቀ ድርጅት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ፖስትግሬስን በተከራያቸው ቨርቹዋል ማሽኖች ላይ ራሱ ጭኖ ያስተዳድር ነበር። ሁለት ሰርቨር ነበረው፤ አንዱ ዋና፣ ሌላው ከዋናው እየተከተለ የሚገለብጥ ተጠባባቂ። ጃንዋሪ 31 ማታ ጫና በዝቶ ተጠባባቂው ከዋናው ወደ ኋላ ቀረ። አንድ ባለሙያ ተጠባባቂውን እንደገና ለማስጀመር ሲታገል አመሸና የውስጡን ፎልደር ሰረዘ። ከአንድ ሁለት ሴኮንድ በኋላ ነቃ፤ የሰረዘው ከዋናው ሰርቨር ላይ ነበር። ለማስቆም ሲደርስ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረችው 4.5 ብቻ ነበረች።

ስህተት የማይሠራ ሰው የለም። ለእኔ የገረመኝ የቀጠለው ነው። የዕለት ቅጂዎቹ የሚቀመጡበት ቦታ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ቅጂ አውጪው ፕሮግራም የ9.2 እትም ሲሆን ዳታቤዙ ደግሞ 9.6 ነበር፤ ስለማይጣጣሙ ሥራው በየጊዜው ይከሽፍ ነበር። የመክሸፉን ዜና የሚያደርሱት ኢሜይሎችም ተቀባዩ ሰርቨር ስለማይቀበላቸው ማንም አላያቸውም። ያዳናቸው ባለሙያው ለሌላ ሙከራ ብሎ ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት በእጁ ያነሳው ቅጂ ነው። አገልግሎቱ ለ18 ሰዓት ያህል ተቋረጠ፤ ከዚያ ቅጂ በኋላ የተጻፉ አስተያየቶችና የተከፈቱ አዳዲስ አካውንቶች ጠፍተው ቀሩ። ድርጅቱ ነገሩን ሳይደብቅ በዝርዝር ስለጻፈው ነው ዛሬ እኛም የምንማርበት።

የእኔንና የእነሱን ስታስተያዩ መጠኑ ይለያያል እንጂ በሽታው አንድ ነው፤ ባካፕ አለን ብለን እናምን ነበር፣ ግን መልሰን ሞክረነው አናውቅም። የሚተዳደር አገልግሎት የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። አርዲኤስ በየቀኑ ቅጂ ያነሳል፣ በመካከሉ የተደረገውን ለውጥ ደግሞ በየ5 ደቂቃው ወደ ሌላ ማስቀመጫ ይልካል። ስለዚህ «ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ10 ላይ የነበረውን መልስልኝ» ማለት ይቻላል። ቅጂዎቹን እስከ 35 ቀን ያቆያል። የእትም አለመጣጣም፣ የምልክት ስህተት የሚባል ጣጣ የእኛ ራስ ምታት አይሆንም።

ይሁንና አከራዩ ከራሳችን አያድነንም። «ሁሉንም ሰርዝ» ብለን ካዘዝን በታማኝነት ይሰርዛል። የዲስክ መሙላትም እዚያ አለ፤ የዳታቤዙ ሁኔታ `storage-full` የሚል ጽሑፍ ያሳያል፣ ቦታው በራሱ እንዲሰፋ አስቀድመን ካላዘዝን በቀር። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ዳታቤዙን ሙሉ በሙሉ ስናጠፋ የሚመጣው ነው። በዚያ ሰዓት የመጨረሻ ቅጂ ይቀመጥ ወይ፣ የቆዩት ቅጂዎችስ ይያዙ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ሁለቱንም አይሆንም ካልን፣ በየቀኑ በራሳቸው የተነሱት ቅጂዎች ከዳታቤዙ ጋር አብረው ይሄዳሉ።

እንግዲህ እንዴት ይመረጥ? እኔ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። የስንት ሰዓት ሥራ ቢጠፋ እንችላለን? ለስንት ሰዓት ቢዘጋ እንችላለን? ሌሊት ሲወድቅ የሚነሳውስ ማን ነው? ባንክ የአንድ ደቂቃ ሥራ ቢጠፋበት አይችልም፤ እኛ ግን እንችላለን። ጽሑፎቻችን የአንድ ቀን ቢጠፉ ከየጸሐፊው ፍላሽ ይገኛሉ። ገጹ ለሁለት ቀን ቢዘጋም የሚጎዳ ሰው የለም። ቨርቹዋል ማሽኑ የኮሌጁ ስለሆነ አንከፍልም፤ የውጭ አገልግሎት ብንከራይ ግን በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልገናል፣ የካርዱ ባለቤት ሲመረቅስ ማን ይከፍላል?

በሦስተኛው ጥያቄ ግን እንሸነፋለን። ሰርቨሩን የሚያውቀው ተማሪ በየዓመቱ ተመርቆ ይሄዳል። የእኛ እውነተኛው አደጋ ከዲስኩ ይልቅ ይህ ነው። ስለዚህ ሐሳቤ እንዲህ ነው፦ ለአሁኑ ባለንበት እንቆይ፣ ነገር ግን ትእዛዟን እንቀይር፦

```
0 2 * * * pg_dump -Fc mahder > /backup/new.dump && mv /backup/new.dump /backup/mahder-$(date +\%a).dump
```

አሁን ቅጂው በአዲስ ስም ይጻፋል፤ ሙሉ ሆኖ ካለቀ ብቻ በዕለቱ ስም ይቀየራል። ከከሸፈ የቀደሙት ቅጂዎች አይነኩም። ሰባት ቀን ወደ ኋላ መመለስም እንችላለን። እነዚህ ቅጂዎች በየቀኑ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይገልበጡ፤ ፎቶዎቹም ወደ ሌላ ዲስክ ይውጡ።

ከዚያ በወር አንድ ጊዜ፣ ዳታቤዙን ከሚያውቀው ተማሪ ሌላ የሆነ ሰው ይህን ይሞክር፦

```
dropdb --if-exists mukera
createdb mukera
pg_restore -d mukera /backup/mahder-Mon.dump
psql -d mukera -c "select count(*), max(published) from articles"
```

የሚወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የጽሑፎቹ ብዛትና የመጨረሻው ጽሑፍ ቀን። ብዛቱ ከዋናው ጋር ከተቀራረበ፣ ቀኑም ትኩስ ከሆነ ባካፕ አለን። ቀኑ የዛሬ ሁለት ወር ከሆነ ግን የለንም፤ ፋይሉ የቱንም ያህል ትልቅ ይሁን።

ይህን ሙከራ ሁለት ወር ተከታትሎ የሚሠራ ሰው ከታጣ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው፤ ካርድ ያለው ይፈለግና እንከራይ። የአንባቢዎችን ጥቆማ መቀበል ከጀመርንም እንደዚሁ፤ ያ ከማንም ፍላሽ አይገኝምና። የመጀመሪያውን ወር ሙከራ ሠርቼዋለሁ፣ ተሳክቷል። የሚቀጥለውን ወር ግን እኔ አልሠራም፣ ሌላ ሰው ይሥራው። ስሙን ቢሮው በር ላይ በለጠፍኩት ወረቀት ያስፍር።