ማጣሪያው የሳለው የልብ ምልክት

በኢሲጂ ወረቀት ላይ ታካሚው በተነፈሰ ቁጥር የልቡ ሞገድ በሙሉ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። መሣሪያው ይህን ዝግተኛ ውዥዋዜ በስሌት ማጣሪያ ያስወግዳል። የማጣሪያው ዓይነት ግን ሐኪሙ የሚያነበውን ምልክት ሊለውጥ ይችላል።

ኤፍአይአር የሚባለው ማጣሪያ የቅርብ ጊዜ ናሙናዎችን በተወሰኑ ቁጥሮች እያባዛ ይደምራል። አንድ ድንገተኛ ምት ቢገባበት፣ ምቱ ከተወሰኑት ናሙናዎች ሲያልፍ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል። አይአይአር ግን የራሱን ያለፈ ውጤት መልሶ ያስገባል፦

```
y[n] = x[n] - x[n-1] + a*y[n-1]
```

በሰከንድ 500 ናሙና ለሚወስድ መሣሪያ ከ0.5 ኸርዝ በታች ያለውን ለማዳከም a 0.9937 ገደማ ነው። ሥራው በአንድ ማባዛት ያልቃል። ኤፍአይአር ለተመሳሳይ ዓላማ፣ ጠርዙ ስል እንዲሆን ከተፈለገ፣ ወደ 3,300 የሚጠጉ ቁጥሮች ይፈልጋል፤ ውጤቱም ከ3 ሰከንድ በላይ ይዘገያል። ሕሙሙን በስክሪን ለሚከታተል ነርስ ይህ ረጅም ጊዜ ነው።

ርካሹ መንገድ ሁለት ዕዳ አለው። አንደኛው መረጋጋት ነው፤ a ከ1 ማነስ አለበት። ወሰኑ ወደ 0.05 ኸርዝ ሲወርድ a 0.99937 ይሆናል። ከነጥብ በኋላ 8 ቢት ብቻ ባለው ቺፕ ላይ ይህ ቁጥር ተጠጋግቶ ልክ 1 ይሆናል። ያኔ ማጣሪያው ያለፈውን መርሳት ያቆማል፤ ውዥዋዜው ሳይነካ ያልፋል። ኤፍአይአር ውጤቱን መልሶ ስለማይጠቀም ከዚህ አደጋ ነጻ ነው።

ሁለተኛው ዕዳ የፌዝ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ብልሽት አይመስልም። ባለ 0.5 ኸርዙ አይአይአር የ1 ኸርዝን ሞገድ በ74 ሚሊሰከንድ ገደማ ያስቀድማል፣ የ10 ኸርዙን ግን ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ። አብረው መድረስ ያለባቸው ክፍሎች ሲለያዩ ቅርጹ ይዛባል። ከረጅሙ የልብ ምት ሹል ቀጥሎ ያለው ኤስቲ የተባለው ክፍል ከመስመሩ በታች ይወርዳል። ሐኪም ይህን ዝቅታ ሲያይ የልብ ጡንቻ ደም እያነሰው እንደሆነ ሊጠረጥር ይችላል።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ1975 የታችኛው ወሰን 0.05 ኸርዝ እንዲሆን የመከረው ይህን መዛባት ለመከላከል ነበር። በ1990 ምክሩን አላልቶ እስከ 0.67 ኸርዝ ፈቀደ፣ ነገር ግን የፌዝ መዛባት ለሌላቸው ዲጂታል ማጣሪያዎች ብቻ። ቁጥሮቹ ከመካከል ግራና ቀኝ የተመሳሰሉ ኤፍአይአር ሁሉንም ሞገድ እኩል ስለሚያዘገይ ቅርጹን ይጠብቃል። ምዝገባው ካለቀ አይአይአርንም አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ማስኬድ ይቻላል፤ የመጀመሪያው ማስቀደም በሁለተኛው ይሰረዛል። በቀጥታ ክትትል ግን ገና ያልመጣ ናሙና ስለማይገኝ ይህ አይሠራም።

ስለዚህ በክትትል ስክሪን ላይ የወረደ ኤስቲ ከታየ፣ ከመደምደም በፊት በምርመራ ሁነታ፣ ማለትም በ0.05 ኸርዝ፣ እንደገና መመዝገብ ይበጃል። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የተጠቀሙበትን ወሰን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያትማሉ።