ዘይቱ ሲዘገይ ለአቅራቢው ምን ተብሎ ይጻፋል?

የሱፐርማርኬት ሥራ አስኪያጅ ለዘይት አቅራቢው «ዕቃ ቶሎ ላኩልን» ብሎ ቢጽፍ «እሺ» ከመባል አያልፍም። ቀንና ቁጥር ሲጠቅስ ግን ደብዳቤው ክብደት ያገኛል።

ሱቁ በቀን 20 ካርቶን ይሸጣል እንበል። ጭነቱ በ10 ቀን ስለሚደርስ፣ ክምችቱ 260 ካርቶን ሲቀረው ያዛል፤ 200ው እስኪደርስ የሚሸጥ፣ 60ው መጠባበቂያ ነው። ጭነቱ በ16ኛው ቀን ከመጣ ግን መደርደሪያው 3 ቀን ባዶ ይሆናል፤ የ60 ካርቶን ሽያጭ ይቀራል።

ስለዚህ ደብዳቤው ዕቃው የታዘዘበትንና የደረሰበትን ቀን በየተራ ይዘረዝርና «ከእንግዲህ በ5 ቀን ይድረሰን» ሲል ይጠይቃል። በምላሹ ቋሚ የማዘዣ ቀንና የቀጣዩን ወር የሽያጭ ግምት ያቀርባል፤ አቅራቢው መኪና አስቀድሞ እንዲመድብ ይረዳዋልና።

ማሳጠር ካልተቻለም የማይዛነፍ 10 ቀን መጠየቅ ያዋጣል፤ መጠባበቂያውን የሚበላው ከቀጠሮው በላይ የሚመጣው መዘግየት ነው።