ፍላሹ ሳይበላሽ «ተበላሽቷል» ሲባል

የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ሥራውን ጨርሶ ፊልሙን በ64 ጊጋ ፍላሽ አስረከበ እንበል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ፍላሹን በኦቲጂ ገመድ ስልክ ላይ ሲሰካው፣ ስልኩ ይህን ፍላሽ ማንበብ እንደማይችል ይናገርና ፎርማት እንዲደረግ ይጠይቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እሺ» ይላል። በዚያች አንድ ንክኪ ሠርጉ ይጠፋል። የሚያሳዝነው፣ ያው ፍላሽ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካ ኖሮ ፊልሙ ያለ ምንም ችግር ይከፈት ነበር።

ማንኛውም ፍላሽ ወይም ሜሞሪ ካርድ የትኛው ፋይል የት እንደተቀመጠ የሚመዘገብበት አሠራር አለው። ፎርማት ማድረግ ማለትም ይህን መዝገብ እንደ አዲስ መክፈት ነው። በብዛት የሚያጋጥሙን FAT32፣ exFAT እና NTFS የሚባሉት ናቸው። ስልኩ የመዝገቡን ዓይነት ካላወቀው፣ ዕቃው ደህና ሆኖ ሳለ እንደ ባዶ ወይም እንደ ተበላሸ ይቆጥረዋል።

FAT32ን የማያነብ ስልክ ማግኘት ይከብዳል። ችግሩ፣ የአንድን ፋይል መጠን የሚጽፍበት ቦታ ጠባብ በመሆኑ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ማይክሮሶፍት በ2006 exFATን ያወጣው ይህን አጥር ለማንሳት ነው። ከ32 ጊጋ በላይ የሆኑት፣ ፊታቸው ላይ XC የሚል ምልክት ያለባቸው ካርዶችም በደንቡ መሠረት ከፋብሪካ የሚወጡት በexFAT ነው። ይሁን እንጂ አሠራሩ በባለቤትነት መብት የተያዘ ስለነበር አምራቾች ፈቃድ መግዛት ነበረባቸው፤ በርካታ ርካሽ ስልኮችም ያለ እሱ ወጡ። ማይክሮሶፍት ዝርዝሩን ለሁሉም ክፍት ያደረገው በ2019 ነው። በቀጣዩ ዓመት ሳምሰንግ ያዘጋጀው ማንበቢያ አንድሮይድ የቆመበት ሊኑክስ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ርካሽ ስልክ የያዘ ሰው 64 ጊጋ ካርድ ሲገዛ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

መጀመሪያ ስልኩ ምን እንዳለ ማስተዋል ነው። ፍላሹ ሲሰካ ስልኩ ጭራሽ ዝም ካለ ነገሩ የፎርማት ላይሆን ይችላል። ገመዱ ተራ ገመድ እንጂ ኦቲጂ አይደለም፣ ወይም ስልኩ ኦቲጂን አይደግፍም፣ ወይም ደግሞ ማብሪያው ጠፍቷል። አንዳንድ ስልኮች በቅንብራቸው ውስጥ OTG የሚል ማብሪያ አላቸው፤ ሳይሠራበት ጥቂት ደቂቃ ከቆየም ራሱ ይጠፋል። ስልኩ ከተናገረና «አይደገፍም» ካለ ግን ዕቃውን አይቶታል፤ ያቃተው መዝገቡን ማንበብ ነው። ያኔ መልእክቱን ዘግቶ ፍላሹን ኮምፒውተር ላይ መሰካት ይሻላል። ስሙን በቀኝ ጠቅ አድርጎ Properties ሲከፈት File system ከሚለው አጠገብ ዓይነቱ ተጽፎ ይታያል።

ወደ ሠርጉ እንመለስ። ፊልሙ አንድ ወጥ የ6 ጊጋ ፋይል ነው፤ ፍላሹ exFAT ነው፤ ስልኩ ደግሞ exFAT አያውቅም። ፊልሙን መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥና ከዳር እስከ ዳር እንደሚጫወት ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ፍላሹ ፎርማት ቢደረግ አያስፈራም። የዊንዶውስ የተለመደው የፎርማት መስኮት ከ32 ጊጋ በላይ ለሆነ ፍላሽ FAT32ን ለብዙ ዓመታት አማራጭ አድርጎ አላቀረበም። ቀላሉ መንገድ ስልኩ ራሱ ፎርማት እንዲያደርገው መፍቀድ ነው፤ የሚያውቀውን ዓይነት ነውና የሚመርጠው። ፊልሙ ሲመለስ ግን ከ50 ጊጋ በላይ ባዶ ቦታ እያለ «ፋይሉ ትልቅ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ባለ 4 ጊጋው አጥር ይሄው ነው። መፍትሔው ፊልሙን በቪዲዮ ማቀነባበሪያ ለሁለት ቆርጦ፣ የሽማግሌዎቹን ምርቃት በአንዱ፣ ጭፈራውን በሌላው ማስቀመጥ ነው። በዚፕ መከፋፈል አይረዳም፤ ስልኩ እነዚያን ቁርጥራጮች እንደ ቪዲዮ አያጫውታቸውም። ቀራጩ ገና ሲያስረክብ «ከ4 ጊጋ በታች እየከፈልክ ስጠን» ቢባል ደግሞ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

exFAT የሚያነብ ስልክም ቢሆን አንዳንዴ ትናንት ያነበበውን ፍላሽ ዛሬ እንቢ ይላል። ብዙ ጊዜ መነሻው ፋይል እየተገለበጠ ሳለ ፍላሹን ነቅሎ ማውጣት ነው፤ exFAT ያልተጠናቀቀ ጽሕፈትን መልሶ የሚያስተካክልበት ማስታወሻ የለውም። ይነበብ የነበረው ፋይል ካለ አስቀድሞ ይገልበጥና፣ ኮምፒውተሩ ለፍላሹ E የሚል ፊደል ሰጥቶት ከሆነ ይህ ትእዛዝ መዝገቡን ይፈትሻል፤ የሚጠገን ካለም ይጠግናል፦

```
chkdsk E: /f
```