የእቁብ መዝገብ

እቁብን የሚያሰጋው ቀድሞ የበላ ሰው ነው። ዕጣው ያልወጣለት ተራውን ስለሚጠብቅ መጣሉን አይተውም፤ የበላው ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ባለዕዳ ነው። ጥሩ መዝገብ ሲከፈት ቀድሞ የሚታየውም ይኸው ነው፦ ማን በላ፣ ስንት ቀረበት፣ ዋሱ ማን ነው።

ለምሳሌ ሃያ ዕጣ ያለው የነጋዴዎች እቁብ በየእሑዱ 1,000 ብር ይጥላል እንበል። የሳምንቱ ድምር 20,000 ብር ነው። ሰዎቹ ሃያ ሁለት ናቸው፤ አራቱ ለሁለት ለሁለት ሆነው ሁለት ዕጣ ይጋራሉ። እነዚህ በአንድ ቁጥር ቢጻፉም እያንዳንዱ ለብቻው ዋስ ይጠራል።

በሰባተኛው እሑድ ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ የተጣለው በሰው ፊት ተቆጥሮ 19,000 ብር ይሆናል። በሦስተኛው ሳምንት የበላው ባለ 4 ቁጥር አልመጣም። ስድስት ሰው ስለበላ በቆርቆሮው ውስጥ አሥራ አራት ወረቀት አለ። ተሸብልሎ ሲወጣ 12 ቁጥር ነው። ልጁን የሚድረው ባለ 17 ቁጥር ግን ይለምናል፤ ባለ 12 ይለቅለታል። እዚህ ላይ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ፤ «12 ወጣ» ብለው ይዘጉታል። መጻፍ ያለበት «12 ወጣ፣ 17 በላ፤ የ17 ወረቀት ከእንግዲህ የ12 ነው» ተብሎ ነው። አለዚያ ከወራት በኋላ ያ ወረቀት ሲወጣ ሁለቱም እጃቸውን ይዘረጋሉ።

የጎደለው 1,000 ብር ጭቅጭቅ ያስነሳል። የባለ 4 ዋስ «እኔ የተዋስኩት ለዚያን ቀን ብቻ ነው» ይላል። ዳኛው የሦስተኛውን ሳምንት ገጽ ያስነብባል፤ «ቀሪ 17 ሳምንት፣ ዋስትናው እስከ 17,000 ብር» የሚል ከፊርማው በላይ ተጽፏል። ይህ የገንዘብ ልክ ለይስሙላ የሚጻፍ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ ከፍተኛው መጠን ያልተገለጸበትን ዋስትናም አያጸናም። «ዋስ ነኝ» ብሎ ብቻ የፈረመን ሰው ፍርድ ቤት ወስዶ ማስከፈል የሚከብደው ለዚህ ነው።

ዋሱ እዚያው 1,000 ብር ይከፍላል፤ ባለ 17 የራሱን ዋስ አስፈርሞ 20,000 ብሩን ይረከባል። የባለ 4 ቀሪ ዕዳ 13,000 ብር ተብሎ ይመዘገባል። ዳኛውም በሚቀጥለው እሑድ የሳምንቱን ጥሎ የዋሱን 1,000 ብር እንዲመልስ፣ በደንቡ መሠረትም 50 ብር እንዲቀጣ ይወስናል። ቅጣቱ ከእቁቡ ገንዘብ ጋር ሳይደባለቅ በመጨረሻው ዓምድ ይሰፍራል።