የማያውቁት ስም በካርድ ሒሳብ ላይ

አሜሪካ የሚኖር አንድ ሰው የክሬዲት ካርድ መግለጫውን ሲከፍት SQ *KBM LLC ALEXANDRIA VA የሚል መስመር ያገኛል እንበል። ሒሳቡ 18.40 ዶላር፣ ቀኑ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ግን ከቤት አልወጣም።

ንባቡን ከፊት እንጀምር። SQ ስኩዌር የተባለው ክፍያ አስተላላፊ ምልክት ነው፤ TST ቢሆን ኖሮ ቶስት፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ምግብ ቤት ነው። የሻጩ ስም ከኮከቡ በኋላ ይመጣል። እሱም በሩ ላይ የተሰቀለው ሳይሆን ንግዱ የተመዘገበበት ስም ሊሆን ይችላል፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ተቆርጦም ይገባል። ከተማውም አንዳንዴ የዋናው ቢሮ ነው።

ቀኑም ያሳስታል። ባንኩ የመዘገበበት እንጂ የተገዛበት ላይሆን ስለሚችል ሰውየው ወደ ቅዳሜ ይመለሳል። ያን ዕለት አንድ ካፌ 16 ዶላር ከፍሏል፤ 2.40 ጉርሻ ሲጨመር ልክ 18.40 ይሆናል። ደረሰኙ ላይ 18.40 ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህን አያገኘውም።

ይህ ሁሉ ካልገጠመ፣ ካርዱን የሚጋሩትን የቤት ሰዎች ጠይቆ ካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ወደ ባንክ መደወል ነው። ኢንተርኔት ላይ በተገኘ ቁጥር መደወል ለአጭበርባሪ በር መክፈት ነው። የአንድ ዶላር ክፍያም አይናቅ፤ ሌቦች ካርዱ መሥራቱን የሚሞክሩት በትንሽ ገንዘብ ነው። የአሜሪካ ሕግ ለክሬዲት ካርድ ስህተት የጽሑፍ አቤቱታ መግለጫው ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ እንዲደርስ ይጠይቃል። በዴቢት ካርድ ግን መዘግየት የሚያስከፍለው ይበልጣል።