ነጩ ይሻላል ወይስ አስኳሉ? ትንሹ ወይስ ትልቁ?

የገበሬ ማኅበራችን አባሎች ሆይ፣ ፊደሉን ለይታችኋል፤ መደመርና ማካፈልም ተምራችኋል። ዛሬ በዚያው ሒሳብ አንድ እንቁላል እንካፈል።

ነገሩ የተነሣው ከአንዲት እናት ቤት ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው። አንዲት ትንሽ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ቀቀሉና ነጩን ለትልቁ ልጅ፣ አስኳሉን የ2 ዓመት ዕድሜ ላላት ሕፃን ሰጡ። «እማማ፣ ለምን እንዲህ አደረጉ?» ብንላቸው፣ «ነጩ ብዙ ነው፣ ያጠግባል። አስኳሉ ለሕፃን ይለሰልሳል» አሉ። ጎረቤታቸው ግን «ኧረ ኃይሉ ያለው ነጩ ላይ ነው! አስኳሉ ስብ ብቻ ነው» ብለው ተከራከሩ። ታዲያ የማንኛቸው ልክ ነው?

በእንቁላል ውስጥ ሰውነትን የሚገነባው ነገር ፕሮቲን ይባላል። ልጅ የሚያድገው፣ ሥጋውና ደሙ የሚሠራው በዚህ ነው። ፕሮቲን በግራም ይለካል። 1000 ግራም 1 ኪሎ መሆኑን ታውቃላችሁ።

አንድ ትንሽ የሐበሻ እንቁላል ከነቅርፊቱ 40 ግራም ያህል ይመዝናል። ቅርፊቱ ሲጣል የሚበላው 36 ግራም ያህል ይቀራል። በዚህ ውስጥ ነጩ 2 ግራም ተኩል፣ አስኳሉ ደግሞ 2 ግራም ያህል ፕሮቲን አላቸው። ድምሩ 4 ግራም ተኩል ነው።

እንግዲህ አያችሁ? ጎረቤቲቱ በግማሽ ልክ ናቸው፤ ነጩ ትንሽ ይበልጣል። «አስኳሉ ስብ ብቻ ነው» ያሉት ግን ስሕተት ነው። ነጩ ብዙ የሚመስለው አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ነው። ከ10 እጅ ወደ 9 እጅ የሚጠጋው ውኃ ነው። አስኳሉ ትንሽ ቢሆንም ወፍራም ነው። እኩል እኩል መዝናችሁ ብታወዳድሩ፣ በአስኳሉ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከነጩ ይበልጣል። ለዓይን የሚጠቅመው ቫይታሚን ኤና ለደም የሚያስፈልገው ብረትም በአብዛኛው የሚገኙት በአስኳሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ አስኳሉን ያልቀመሰው ትልቁ ልጅ እነዚህን አጣ፤ ሕፃኗ ደግሞ ከፕሮቲኑ ከግማሽ በላዩን አጣች። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ነጩንና አስኳሉን አንድ ላይ መትቶ መጥበስ፣ ከዚያ እኩል ማካፈል ነው።

አሁን ወደ ትልቁ እንቁላል እንሂድ። አንድ ትልቅ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ከነቅርፊቱ 60 ግራም ያህል ነው። ነጩ 4 ግራም፣ አስኳሉ 2 ግራም ከ7 ነጥብ ያህል ፕሮቲን አላቸው። ድምሩ 6 ግራም ከ7 ነጥብ ይሆናል። እንቁላል ሲተልቅ አስኳሉም ይጨምራል፤ ይበልጥ የሚጨምረው ግን ነጩ ነው። ትንሿ የሐበሻ እንቁላል ብትሰበር አስኳሏ ሰፋ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። የአስኳሉ መቅላት ወይም መንጣት ግን ዶሮዋ ከበላችው መኖ የመጣ ነው፤ የፕሮቲኑን ልክ አይናገርም።

ይህን ሁሉ ቁጥር በቃል መያዝ አያስፈልግም። የእንቁላሉን ክብደት ከነቅርፊቱ ለ9 አካፍሉ፤ የፕሮቲኑን ግራም በግምት ይሰጣችኋል። 1 እንቁላል በሱቅ ሚዛን መመዘን ካስቸገረ 10 እንቁላል አንድ ላይ መዝኑ። 10ሩ 400 ግራም ከሆኑ አንዱ 40 ግራም ነው። 40 ለ9 ሲካፈል 4 ከግማሽ ያህል ይመጣል። 10ሩ 600 ግራም ከሆኑ አንዱ 60 ነው። 60 ለ9 ሲካፈል ወደ 7 ይጠጋል።

ከዚህ ለገበያ የሚሆን ሒሳብ ይወጣል። 3 ትናንሽ እንቁላሎች 13 ግራም ተኩል ይሰጣሉ፤ 2 ትላልቆችም ያንኑ ያህል ይሰጣሉ። ስለዚህ 3 ትንሽ በ2 ትልቅ ይመጣጠናል። ነጋዴው ትንሽና ትልቁን በአንድ ዋጋ በቁጥር የሚገዛችሁ ከሆነ፣ ትልልቁን ሸጣችሁ ትንንሹን ለልጆች አታስቀሩ። ትንንሹን ሽጡ፣ ትልልቁን ለልጆች አስቀሩ። የሐበሻው እንቁላል በውድ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ 3ቱን ሽጡ፤ በገንዘቡ 2 ትልልቅ ገዝታችሁ ትርፍ ከቀረላችሁ ልጆቹ ምንም አልተጎዱም።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። «ለጉልበት ነው» እያሉ ጥሬ እንቁላል የሚጠጡ አሉ። ሰውነት ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን ከ10 እጅ 9 እጁን ይጠቀማል። ከጥሬው ግን የሚጠቀመው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። ጥሬ እንቁላል ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ተሕዋስም ሊኖረው ይችላል። ነጩም አስኳሉም እስኪጠነክሩ አብስሉት።

እማማን ስንሰናበታቸው በጣታቸው ቆጠሩ። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 13 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ሕፃኗ ያገኘችው 2 ብቻ ነበር። «ሙሉ እንቁላል ብሰጣት 4 ከግማሽ፣ ሲሶው ሆነ ማለት ነው» አሉ። «የቀረውንስ?» ብንላቸው፣ «ሽሮውና ወተቱ ምን ይሠራል?» አሉን።