ሰኔ 30 ከተዘጋ በኋላ የመጣው የዶላር ዋጋ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ብዙ ድርጅቶች የዓመቱን ሂሳብ ሰኔ 30 ከዘጉ ገና ሦስት ሳምንት ማለፉ ነበር። ሰኔ 30 አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በውሳኔው ዕለት ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ ነሐሴ ሳያልቅ ደግሞ ከ100 ብር አለፈ። የ2016 ሪፖርት ያኔ ገና አልተፈረመም ነበር። ታዲያ የዶላር ዕዳ በየትኛው ዋጋ ይጻፍ?

ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ አንድ ድርጅት እንውሰድ። ሰኔ 30 ላይ ለአቅራቢው 100,000 ዶላር ያልተከፈለ ዕዳ አለበት። በዕለቱ ምንዛሪ ዕዳው 5.7 ሚሊዮን ብር ነው። ሪፖርቱ ጥቅምት ላይ ሲዘጋጅ ግን ይኸው ዕዳ ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ ሆኗል። ባለቤቱ “እውነቱ ይኼ ነው፤ አሥር ሚሊዮኑን ጻፉት” ቢል የሚያስገርም አይደለም። ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 10 ግን ይህን አይፈቅድም። በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ የሚቀመጠው 5.7 ሚሊዮን ብር ነው፤ የምንዛሪ ኪሳራው የ2017 ሂሳብ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ደረጃው የሚጠይቀው ነገሩ መቼ ተሰማ ብሎ ሳይሆን ነገሩን የፈጠረው ሁኔታ ሰኔ 30 ላይ ነበር ወይ ብሎ ነው። ሁኔታው ያኔ ከነበረና የኋላው ዜና እሱን ብቻ የሚያረጋግጥ ከሆነ ሂሳቡ ይስተካከላል። ሁኔታው ከዚያ በኋላ የተፈጠረ ከሆነ ቁጥሩ አይነካም። ሰኔ 30 ላይ ዶላር በእርግጥ 57 ብር ነበር።

ቁጥሩ አይነካም ማለት ግን ዝም ይባላል ማለት አይደለም። ለውጡ ከባድ ከሆነ በሂሳብ መግለጫው ማብራሪያ ውስጥ ምን እንደተከሰተና በብር ሲሰላ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያስከትል መገለጽ አለበት። ጉዳቱ መገመት ካልተቻለም አለመቻሉ ይጻፋል። ያለዚህ ባንኩም ባለአክሲዮኑም 5.7 ሚሊዮኑን አይቶ ይሳሳታል።

አሁን ከተመሳሳዩ ድርጅት ዕቃ በዱቤ የወሰዱ ሁለት ደንበኞችን እንይ። የመጀመሪያው ከሚያዝያ ጀምሮ ክፍያ ሲያጓትት፣ ቼኩም ሲመለስ ቆይቶ ነሐሴ ላይ ኪሳራ አወጀ። ኪሳራው የታወቀው ነሐሴ ላይ ቢሆንም ችግሩ ሰኔ 30 ላይ ስለነበረ፣ ከእሱ የማይሰበሰበው ገንዘብ ከ2016 ሂሳብ ይቀነሳል። ሁለተኛው እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ በወቅቱ ሲከፍል የኖረ ነው። እሱን የጣለው ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የደረሰው የእሳት ቃጠሎ ነው እንበል። ሰኔ 30 ላይ ጤናማ ስለነበረ የእሱ ዕዳ በ2016 ሂሳብ እንዳለ ይቆያል፤ ጉዳቱ በማብራሪያው ይገለጻል።

አስቸጋሪው በሁለቱ መካከል ያለው ነው። በምንዛሪው ለውጥ ሳቢያ መክፈል አቃተኝ የሚል ደንበኛ ምናልባት ቀድሞም እየተንገዳገደ ይሆናል። ጎበዝ ኦዲተር እዚህ ጋ ቃል አይቀበልም፤ የሚያዝያ፣ የግንቦትና የሰኔ ክፍያዎችን ቀን በቀን ይፈትሻል። ከዓመቱ መዝጊያ በኋላ ያሉትን የባንክ መግለጫዎች፣ የቦርድ ቃለ ጉባኤዎችንና ከጠበቃ የመጡ ደብዳቤዎችንም ያያል። የተቆጠረ ዕቃ ሐምሌ ላይ ከተገዛበት በታች ተሽጦ ከተገኘም አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ሰኔ 30 ላይ ወርዶ እንደነበር ያመለክታልና ሂሳቡ ይታረማል።

አንድ ከበድ ያለ ልዩ ሁኔታ አለ። ያ አስመጪ ድርጅት የዶላሩን ዕዳ መሸከም አቅቶት ሥራ ከማቆም ሌላ አማራጭ ባይኖረው፣ ምክንያቱ የተፈጠረው ከሰኔ 30 በኋላ ቢሆንም ሂሳቡ ሥራውን እንደሚቀጥል ድርጅት ሂሳብ ሊዘጋጅ አይችልም።

ይህ ሁሉ ክትትል የሚያበቃው ቦርዱ ሪፖርቱ እንዲወጣ ባጸደቀበት ቀን እንጂ በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ቀን አይደለም። ጉባኤው በኋላ የሚወስነው የትርፍ ድርሻም የሰኔ 30 ዕዳ ሆኖ አይመዘገብም። ባለአክሲዮን ከሆኑ የ2016ን ሪፖርት ይዘው ቦርዱ ያጸደቀበትን ቀን ይመልከቱ፤ ከዚያም የዶላር ዕዳ ያለበት ድርጅት ከሆነ ስለ ሐምሌ 22 በማብራሪያው ምን እንዳለ ይፈልጉ። ምንም ካላገኙ በጉባኤው ላይ ይጠይቁ።